ባትሪ የማያስቸግር፣ ልብን የሚቆጥር፦ ለሯጭ የቱ ሰዓት ይሻላል?

ሰዓት ሻጭ ፊት ቆሞ «ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል?» ብሎ የሚጠይቅ ሯጭ መልስ አያጣም። «ሁለት ሳምንት» ይሉታል፤ ካርቶኑም ላይ 14 ቀን የሚል ተጽፏል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የተለካው ግን ሰዓቱ እጅ ላይ ተቀምጦ ጊዜ ሲያሳይ፣ እርምጃ ሲቆጥርና የስልክ መልእክት ሲያቀብል ነው እንጂ ባለቤቱ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ አይደለም። ጂፒኤሱ ተከፍቶ፣ የልብ ምት በየሰከንዱ እየተለካ ሲሮጥ ያው ሰዓት የሚዘልቀው ሃያ ሰዓት ገደማ ነው። አጠገቡ የተሰቀለው ርካሽ ዲጂታል ሰዓት ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ባትሪ አይጠይቅም። ልብ የሚባል ነገር መኖሩን ግን አያውቅም።

«ባትሪው የማያስቸግረኝ፣ የልቤንም ምት የሚነግረኝ ሰዓት እፈልጋለሁ» የሚል ሯጭ እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ነገሮችን ነው የሚፈልገው። የልብ ምት መለካት ባትሪ ይበላል፤ ጂፒኤስ ከዚያ የባሰ ይበላል። ስለዚህ ጉዳዩ ዘመናዊውን ወይስ የድሮውን ብሎ በመምረጥ ብቻ አያልቅም። የልብ ምቱን ለየትኛው ልምምድ እንደምንፈልገውና ቁጥሩን አይተን ምን እንደምናደርግ አስቀድመን ካላወቅን፣ በሁለት ጣት በነፃ ልንቆጥረው የምንችለውን ነገር በብዙ ሺህ ብር ልንገዛ እንችላለን።

ሰባት ዓመት የሚሠራው

ከመደበኛዎቹ ሰዓቶች በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ነው። ክብደቱ 21 ግራም ብቻ ስለሆነ እጅ ላይ መኖሩ ይረሳል። በውስጡ ያለች ትንሽ የኳርትዝ ቅንጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰዓቱ ይህን እየቆጠረ አንድ ሰከንድ ወደፊት ይላል። መስታወቱ ላይ የምናየው ጥቁር ቁጥር የራሱ ብርሃን የለውም፤ የውጭውን ብርሃን እየከለለ ነው የሚታየው። ሥራው ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ አንዲት የአዝራር ባትሪ ሰባት ዓመት ታኖረዋለች። በወር እስከ 30 ሰከንድ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ ለሯጭ ምንም አይደለም።

ለሯጭ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። የዚህ ሰዓት ስቶፕ ዎች የሚቆጥረው እስከ 59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ድረስ ነው፤ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል። አሥር ኪሎ ሜትር በሃምሳ ደቂቃ ለሚሮጥ ይበቃዋል። እሑድ ሁለት ሰዓት የሚሮጥ ግን ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ በራሱ ማስታወስ አለበት፤ ወይም የተነሣበትን ሰዓት ልብ ብሎ መሄድ ይሻለዋል። የእያንዳንዱን ዙር ጊዜም አያስቀምጥም። ስታዲየም ውስጥ ስድስት ጊዜ 400 ሜትር የሮጠ ሰው ስድስቱንም ጊዜ በቃሉ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ይህን ችግር ለመፍታት ታይመክስ እ.ኤ.አ. በ1986 አይረንማን የተባለውን ሰዓት አወጣ። ዙሮችን የሚመዘግብ፣ ቁልፉ በላብ እጅም በቀላሉ የሚጫን ነው፤ ከኋለኞቹ ሞዴሎች መካከል ባትሪያቸው እስከ አሥር ዓመት የሚቆዩ አሉ። ያለ ልብ ምትና ያለ ጂፒኤስ ለሚሮጥ ሰው ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይታየኝም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። መደበኛውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መሙላት ይቻላል። ስማርት ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ከስልኩ ስለሚወስድ ንጋት 12፡10 ላይ የተጀመረውን ሩጫ 6፡10 ብሎ ይመዘግበዋል። ይለመዳል፤ ቢሆንም እንቅልፉ ሳይለቀው በጨለማ ጫማውን የሚያስር ሰው መጀመሪያ አካባቢ ግር ይለዋል።

መደበኛ ሰዓት ያሰረ ሰው የልብ ምቱን ጨርሶ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። ጠቋሚና መካከለኛ ጣትን ከአውራ ጣት በታች አንጓው ላይ አሳርፎ የሰዓቱን ሰከንድ እያዩ መቁጠር ነው። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ለመቁጠሪያ አይሆንም። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቢቆጥሩት የሚገኘው ቁጥር እጅግ አስተማማኝ ነው። በየቀኑ ጻፍ ጻፍ ያደረገው ሯጭ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የራሱን ልክ ያውቃል። አንድ ጠዋት ከወትሮው በሰባትና በስምንት ምት ጨምሮ ካገኘው ሰውነቱ አላገገመም፣ እንቅልፍ አንሶታል ወይም ሕመም እየመጣበት ነው ማለት ሊሆን ስለሚችል የዕለቱን ከባድ ልምምድ ማቅለል ነው።

ጣት የማይበጀው በሩጫው መሐል ነው። ለመቁጠር መቆም ያስፈልጋል፤ ልብ ደግሞ ሯጩ ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ በፍጥነት ይወርዳል። ሙሉ ደቂቃ ከተቆጠረ የሚገኘው የሩጫው ሳይሆን የዕረፍቱ ምት ነው። ስለዚህ አሥር ሰከንድ ብቻ ተቆጥሮ በስድስት ይባዛል። አሥሩ ሰከንድ ውስጥ በአንድ ምት የተሳሳተ ግን በደቂቃ በስድስት ምት ተሳስቷል። ለቀላል ሩጫ ይህ ስሕተት ቻል ይደረጋል፤ ለፍጥነት ልምምድ ግን አይሆንም።

የስልክ ታናሽ ወንድምና የሩጫ ሰዓት

ስማርት ሰዓት ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት በእውነቱ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የስልክ ታናሽ ወንድም የሆነው ነው። አፕል ዎችና የሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስክሪናቸው ደማቅ ነው፤ መልእክት ያነባሉ፣ ጥሪ ይቀበላሉ፣ መተግበሪያ ይጫንባቸዋል፣ በየመሐሉም ይሮጥባቸዋል። ሁለተኛው ለሩጫ ተብሎ የተሠራው ነው። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2003 ፎርረነር በሚል ስም ጂፒኤስ ያለው የሩጫ ሰዓት ካወጣ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ራሱን ችሎ አድጓል፤ ዛሬ ጋርሚን፣ ኮሮስ፣ ፖላርና ሱንቶ በሰፊው ይታወቁበታል። መልእክት ቢያሳይም ዋና ሥራው እርሱ አይደለም።

ልዩነቱን የሚናገረው ባትሪው ነው። አፕል ለአብዛኞቹ መደበኛ ሞዴሎቹ ለዓመታት የሰጠው ቁጥር 18 ሰዓት ሲሆን ከቤት ውጭ በጂፒኤስ ሲሮጥበት ደግሞ ሰባት ሰዓት ነበር። ትልቁ ኡልትራ 2 እስከ 36 ሰዓት ይደርሳል። ከሩጫ ሰዓቶች መካከል ረከስ ያለው ጋርሚን ፎርረነር 55 በተራ አገልግሎት እስከ ሁለት ሳምንት፣ በጂፒኤስ እስከ 20 ሰዓት ይቆያል። ኮሮስ ፔስ 3 በተራ አገልግሎት 24 ቀን፣ በጂፒኤስ 38 ሰዓት ይባልለታል። እነዚህ ሁሉ አምራቾቹ የሰጧቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ሰዓቱ አዲስ ሳለ፣ ሁሉም ነገር ሲመቻች የሚገኙ ናቸውና ትንሽ ቀንሶ ማሰብ ብልህነት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ትልቁ ድርሻ የስክሪኑ ነው። እንደነ ፎርረነር 55 ያሉት ስክሪናቸው የፀሐይን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ዓይነት ስለሆነ ቀን ቀን የራሱን መብራት አይፈልግም። በረፋዱ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደማቁ ስክሪን ሲደበዝዝ ይህኛው ይበልጥ እየጠራ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ በመብራት ሥር ሲታይ ግን ፈዛዛና ያረጀ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይወደው ያልፋል። ለሯጭ ይህ መቻኮል ነው፤ ከመወሰን በፊት ሰዓቱን ይዞ በረንዳ ላይ መውጣት ይገባል። የቀረው ልዩነት የሚመጣው ከመተግበሪያው ብዛት፣ ከሙዚቃውና ከስልኩ ጋር ከሚደረገው የማያቋርጥ ግንኙነት ነው።

የባትሪ ነገር የአንድ ቀን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚሞላ ባትሪ ሁሉ በየሙሌቱ ጥቂት ጥቂት ያረጃል። እንደ ጥራቱ ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ከተሞላ በኋላ ከአዲስነቱ አቅም ሰማንያ በመቶ ገደማ ይቀረዋል። በየቀኑ የሚሞላ ሰዓት እዚህ የሚደርሰው ከአንድ ዓመት ተኩልና ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ መካከል ነው። በሳምንት አንዴ የሚሞላው ግን አሥር ዓመት ሊጠጋው ይችላል። በዚህ ላይ የእነዚህ ሰዓቶች ጀርባ የታሸገ ስለሆነ እንደ ካሲዮው ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ በአምስት ደቂቃ ባትሪ መቀየር አይቻልም። ያገለገለ ስማርት ሰዓት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ያገለገለ ባትሪ መሆኑን ይወቅ።

ከውጭ አገር ዘመድ ለሚልክላቸው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አፕል ዎች ያለ አይፎን አይሠራም፤ አዲሶቹ የሳምሰንግ ሰዓቶች ደግሞ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር እንጂ ከአይፎን ጋር አይግባቡም። እዚህ አገር አብዛኛው ሰው የሚይዘው አንድሮይድ ስለሆነ በፍቅር የተላከ ውድ አፕል ዎች መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ጋርሚን፣ ኮሮስና ፖላር ከሁለቱም ጋር ይሠራሉ። የመሙያው ገመድ ግን የየኩባንያው የራሱ ነውና ሲላክ ሁለት ገመድ ቢላክ መልካም ነው።

አረንጓዴው ብርሃን የሚሳሳትበት ቦታ

ስማርት ሰዓት ሲገለበጥ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ይታያል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር በቆዳው ሥር ባሉት ጥቃቅን ሥሮች የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ በሁለት ምት መካከል ደግሞ ይጨምራል። ከብርሃኑ አጠገብ ያለችው ዳሳሽ ይህን መጨመርና መቀነስ ትቆጥራለች። እንግዲህ ሰዓቱ የሚያየው ልብን ሳይሆን አንጓ ላይ የሚደርሰውን የደም ማዕበል ጥላ ነው።

ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ላለ ሰው ይህ ጥሩ ይሠራል። እጅ ሲወዛወዝ ግን ደሙ ከልብ ምት ጋር ብቻ ሳይሆን ከእጁ እንቅስቃሴ ጋርም ይንቀሳቀሳል፤ ሰዓቱም ላላ ካለ ይዘላል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በእንቅስቃሴ ጊዜ የነበረው ስሕተት በዕረፍት ጊዜ ከነበረው በአማካይ ሠላሳ በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ብዙ ጊዜ የሚነሣውን የቆዳ ቀለም ጥያቄ ያው ጥናት ፈትሾት ነበር፤ በቀለም የተነሣ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። አንጓ ላይ ያለ ንቅሳት ግን ብርሃኑን ስለሚከለክል በርግጥም ያስቸግራል። ንቅሳት ያለበት ሰው ሰዓቱን በሌላኛው እጁ ይሰር።

ሯጮችን በብዛት የሚያሳስተው ስሕተት ሰዓቱ እርምጃን የልብ ምት አድርጎ መቁጠሩ ነው። አብዛኛው ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ይረግጣል። ይህ ደግሞ ከጠንካራ ሩጫ የልብ ምት ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። እጁ በእያንዳንዱ እርምጃ ሲነቃነቅ የሚፈጠረው ምልክት ከደሙ ምልክት ከበለጠ ሰዓቱ እርሱን ይዞ ይቀጥላል። ሯጩ ከጓደኛው ጋር እያወራ ቀስ ብሎ ይሮጣል፤ ሰዓቱ ግን 172 ይላል። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ቁጥሩ የሩጫውን ስሜት ካልመሰለ ቆም ብሎ አሥር ሰከንድ በጣት መቁጠር ነው። ሃያ ሦስት ምት ከተገኘ በስድስት ሲባዛ 138 ይሆናል፤ 172 የእግር ቁጥር ነበር ማለት ነው። ቤት ከተገባ በኋላም የልብ ምቱንና የእርምጃውን ግራፍ በስልክ ላይ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጎ ማየት ይቻላል። ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ከሄዱ ነገሩ ተገለጠ።

ብርድም አለ። በንጋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ላይ የሚሮጥ ሰው የእጁ ሥሮች በብርዱ ስለሚኮማተሩ ወደ አንጓው የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ቁጥር ብዙ ጊዜ የማይረባ ይሆናል። መድኃኒቱ ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርን ከፍ አድርጎ፣ ቆዳውን ሳይቆነጥጥ እንዳይንሸራተት ጠበቅ አድርጎ ማሰርና ሰውነትን ካሟሟቁ በኋላ ሩጫውን ማስጀመር ነው።

በአጭር የፍጥነት ልምምድ ላይ ደግሞ ሌላ ድክመት ይታያል። የአንጓው ዳሳሽ ትክክለኛውን ምልክት ከግርግሩ ለመለየት ያለፉትን ሰከንዶች ደምሮ ስለሚያሰላ ወደኋላ ይቀራል። 400 ሜትሩ ሲያልቅ ልብ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ሰዓቱ ገና እየወጣ ነው። ሯጩ ማረፍ ሲጀምር ሰዓቱ ከፍተኛውን ቁጥር ያሳያል። ግራፉ ላይ ሹል መሆን የነበረበት ጫፍ ድልዳል ሆኖ ይቀራል።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። የእጅ ስማርት ሰዓት የልብ ምትን አሳምሮ የሚቆጥረው በዕረፍትና በዝግታ ሩጫ ጊዜ፣ ማለትም ጣታችንም ሊቆጥርልን በሚችልበት ጊዜ ነው። ጣት በማይደርስበት በፍጥነት ልምምድ መሐል ደግሞ እርሱም ይንሸራተታል። ያንን ክፍተት የሚሞላው ከሁለቱም ውጭ ያለ ሦስተኛ ዕቃ ነው።

የደረት ቀበቶ

የፊንላንዱ ፖላር እ.ኤ.አ. በ1977 ተመሥርቶ በ1982 ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ ምት መለኪያ ለስፖርተኞች አቀረበ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሐሳቡ ብዙ አልተለወጠም። ከጡት በታች የሚታሰር ላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ከቆዳ ጋር የሚነካኩ ሁለት ንጣፎች አሉት። ልብ ለመምታት ራሷ የምታመነጨውን የኤሌክትሪክ ምልክት ሐኪም ቤት የልብ ምርመራ እንደሚደረገው በቀጥታ ያነባል። የሚያየው ጥላ ስላልሆነ የእጅ መወዛወዝም የብርድ ኩምትርም አይመለከተውም፤ ምቱ ሲወጣም ሲወርድም ወዲያው ያሳያል።

ባትሪውን በተመለከተ ደግሞ ወደ ካሲዮው ቤተሰብ የቀረበ ነው። ፖላር ኤች10 የተባለው በአንዲት የአዝራር ባትሪ 400 ሰዓት ያህል ይሠራል። በሳምንት አምስት ሰዓት ለሚሮጥ ሰው ይህ አንድ ዓመት ተኩል ማለት ነው፤ ሲያልቅም ክዳኑን ከፍቶ ሌላ ማስገባት ነው። ከሩጫ ሰዓትም ከስልክም ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል።

ጉድለት የለውም አይባልም። ንጣፎቹ እርጥበት ይፈልጋሉ። በደረቁ የደጋ አየር፣ ላብ ገና ሳይመጣ ከታሰረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች 210 ብሎ ሊያስደነግጥ ወይም ምንም ላያሳይ ይችላል። ከማሰር በፊት ንጣፎቹን በውኃ ማራስ ይበቃል። ሰፋ ያለ የፖሊስተር ቲሸርት በነፋስ ሲርገበገብ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክም እንዲሁ ያስቀባጥረዋል፤ ላብ ሲመጣ ይተዋል። ላስቲኩ ከሩጫ በኋላ ካልታጠበ በጨው ይበላሻል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ደረቱን መታሰር አይወድም፤ ይህ የግል ጉዳይ ነው።

አንድ ሯጭ እንውሰድ

የ40 ዓመት ሴት እንበል፤ ቀኑን ቢሮ የምትውል፣ በኅዳር ለሚካሄደው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አሥር ኪሎ ሜትር የምትዘጋጅ። በሳምንት አራት ቀን ትሮጣለች፦ ሦስቱን ቀን አንድ አንድ ሰዓት፣ እሑድ ሁለት ሰዓት። ከሦስቱ አንዱ የፍጥነት ልምምድ ነው።

ፎርረነር 55 ብታስር አምስቱ የሩጫ ሰዓት ከባትሪው 25 በመቶ ይወስዳል። ቀሪው የሳምንቱ ጊዜ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ከሁለት ሳምንቱ ግማሽ ያህል ስለሆነ 49 በመቶ ገደማ ይበላል። ሁለቱ ሲደመሩ 74 በመቶ ነው። ቅዳሜ ማታ ብትሞላው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሩብ ያህል ይተርፋል፤ ሁለት ቀን መብራት ቢጠፋ እንኳ አያስጨንቃትም። የ18 ሰዓቱን ዓይነት ብታስር ደግሞ በየቀኑ መሙላት ግዴታዋ ነው። የጠዋት የልብ ምቷን እንዲለካላት ሌሊት ልታስረው ብትፈልግ ሌላ የመሙያ ጊዜ መፈለግ አለባት፤ ማታ ረስታ ወይም መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት የምታስረው የሞተ ስክሪን ነው።

አሁን ልቧ። ከፍተኛው የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ይገመታል፤ የእሷ 180 ይሆናል። ይህ ግምት ብቻ ነው፤ ለአንዱ ሰው በአሥርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። የልብን ፍጥነት የሚቀንስ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይሠራምና ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። የጠዋት ምቷ 60 ነው እንበል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 120 ነው። ለቀላል ሩጫ የዚህን ከ60 እስከ 70 በመቶ ወስዶ 60 ላይ መደመር ነው፤ ከ132 እስከ 144 ይመጣል።

እሑድ እንጦጦ ላይ ይህ ቁጥር ሥራውን ይሠራል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፣ መንገዱም ዳገት ነው። በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ደቂቃ ብላ ብትወጣ ከአቅሟ በላይ ትገፋለች። 144ን ሳታልፍ ብትወጣ ግን ፍጥነቷ የትም ቢወርድ ቀላል ሩጫዋ ቀላል ሆኖ ይቆያል። ለታላቁ ሩጫ ከዋሽንግተን የሚመጣ ወገን ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ እዚያ በባሕር ጠለል አቅራቢያ የለመደው ፔስ እዚህ አይመጣለትም፣ የልብ ምቱ ግን እውነቱን ይነግረዋል። ለዚህ ዓይነቱ ረጅም የዝግታ ሩጫ በደንብ የታሰረ የእጅ ሰዓት ይበቃል። መስኩን እያየች ከጓደኛዋ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ከቻለች ደግሞ ያለ ምንም ሰዓት እዚያው ክልል ውስጥ ናት።

የፍጥነቱ ቀን ይለያል። ስድስት ጊዜ 400 ሜትር ትሮጣለች፤ ቀጣዩን የምትጀምረው ልቧ ወደ 130 ሲወርድ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ውሳኔ ይሰጣል። የእጁ ዳሳሽ ሃያ ሰከንድ ቢዘገይ ሃያ ሰከንድ ተጨማሪ ታርፋለች፤ እርምጃዋን ይዞ ከቀረ ደግሞ ቁጥሩ ፈጽሞ አይረባትም። ቀበቶውን በዚያ ቀን ብቻ ብታስር ይበቃታል። ሰዓቱ ቀበቶውን ሲያገኝ የልብ ምቱን ከእጇ መውሰድ ትቶ ከቀበቶው ይወስዳል።

መጨረሻ ላይ ስለ ግዢው። በየሱቁ በርካሽ ከሚሸጡት ስማርት ሰዓቶች ብዙዎቹ የራሳቸው ጂፒኤስ የላቸውም፤ ርቀቱን የሚወስዱት ኪስ ውስጥ ካለው ስልክ ነው። ለመፈተን ስልኩን ሱቁ ውስጥ ትቶ ወደ ውጭ ወጥቶ ሩጫ ማስጀመር ነው፤ ሳተላይት የማይፈልግ ከሆነ ጂፒኤስ የለውም። የልብ ምቱንም እንዲሁ። ቁጭ ብለው በጣት ይቁጠሩና ያወዳድሩ፤ ከዚያ የፎቁን ደረጃ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ወጥተው ደግመው ያወዳድሩ። ሁለተኛው ቁጥር ከጣቱ ጋር አብሮ ካልወጣ ያ ብርሃን ለጌጥ ነው።

ቀላል ሩጫ ብቻ ለሚሮጥና የጠዋት ምቱን በጣቱ ለመቁጠር ለማይሰንፍ ሰው የእኔ ምክር የታይመክሱ ዓይነት መደበኛ ሰዓት ነው። ባትሪውንም ልቡንም ለሚፈልግ ደግሞ ስክሪኑ ፈዘዝ ያለ፣ በቁልፍ የሚሠራ የሩጫ ሰዓት ይሻለዋል። ገንዘቡ የሚበቃው ለውድ የእጅ ሰዓት ወይም ለርካሽ የሩጫ ሰዓትና ለደረት ቀበቶ ከሆነ ሁለተኛውን ይውሰድ። ከሚገዛው ጋር ከአምራቹ መግለጫ ላይ የሚያየው ቁጥር የጂፒኤሱ ሰዓት ይሁን፤ የቀኑ ቁጥር ለማይሮጥ ሰው የተጻፈ ነው።